«ማለትም» እና «ለምሳሌ» አንድ አይደሉም

ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አንድ የሙያ ወዳጄ ናይሮቢ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጠን የተናገረው ነገር ነው። ወዳጄ በትርጉም ሥራ ከእኔ የማያንስ ዘመን ያስቆጠረ፣ እንግሊዝኛውም አማርኛውም የማይታማ ሰው ነው። የሚመልሰው ሰነድ ላይ የላቲን አሕጽሮተ ቃል ባየ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ብጠይቀው ሳቀና፣ «እነሱ እኮ ጌጦች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቢተካ አንባቢው ከነገሩ አካሄድ ይገባዋል። አንተም እንደ መሰለህ መልሰህ እለፍ» አለኝ። በዚያች ሰዓት ቡናው እንዳይበርድ ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም፤ ምክንያቱም «እንደ መሰለህ መልሰህ እለፍ» የሚለው ምክር ምን እንደሚያስከትል በራሴ እጅ አይቼዋለሁ።

አስቀድመን ነገሮቹን በስማቸው እንጥራቸው። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በየገጹ የምናገኛቸው አራቱ የላቲን አሕጽሮቶች «e.g.»፣ «i.e.»፣ «etc.» እና «viz» ናቸው። ከዚህ በኋላ እንደ አነባበባቸው ኢ.ጂ.፣ አይ.ኢ.፣ ኤትሴትራና ቪዝ እላቸዋለሁ። የኢ.ጂ. ሙሉ ቃል ኤግዜምፕሊ ግራቲያ ነው፤ «ስለ ምሳሌ» ማለት ነው፤ እኛ «ለምሳሌ» እንላለን። የአይ.ኢ. ሙሉ ቃል ኢድ ኤስት ነው፤ ቃል በቃል «ያ ነው» ማለት ሲሆን ከግእዙ «ዝ ውእቱ» ጋር ወንድማማች ነው፤ አማርኛችን «ማለትም» ወይም «ይኸውም» ይለዋል። ኤትሴትራ «የቀሩትም» ማለት ነው። ቪዝ ደግሞ ቪዴሊኬት ከሚለው የመጣ ነው፤ ሥሩ ሲታይ «ማየት ይቻላል» እንደ ማለት ሲሆን፣ ከላይ በጥቅሉ የተነገረውን አሁን በስም እዘረዝራለሁ ሲል ጸሐፊው የሚያስቀድመው ቃል ነው። አማርኛው «እነርሱም» ነው።

እነዚህ አራት ቃላት አራት የተለያየ ሥራ አላቸው። ከአራቱ መካከል ሁለቱ፣ ኢ.ጂ.ና አይ.ኢ.፣ የተለያየ ሥራ ብቻ ሳይሆን ተቃራኒ ሥራ ነው የሚሠሩት። ኢ.ጂ. በር ይከፍታል፤ «ከብዙው ጥቂቱን ልጥቀስ፤ ሌላም አለ» ይላል። አይ.ኢ. በር ይዘጋል፤ «ያልሁት ይህንና ይህን ብቻ ነው» ይላል። አንዱ በሌላው ሲተካ ስሕተቱ የቃል ምርጫ አይደለም፤ ክፍት የነበረው ይዘጋል፣ ዝግ የነበረውም ይከፈታል።

እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ሁለት ፊደልና ሁለት ነጥብ ዓይን ላይ አይከብዱም፤ ብዙው ሰው «ማብራሪያ ሊመጣ ነው» ብሎ ብቻ ነው የሚያነባቸው። አማርኛ ተርጓሚ ግን ይህ ዕድል የለውም። በቋንቋችን ለሁለቱም የሚሆን ድፍን ምልክት የለንም፤ ወይ «ለምሳሌ» ትላለህ ወይ «ማለትም» ትላለህ። ሁለቱም ሙሉ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱንም ሕፃን ልጅ ሳይቀር ይለያቸዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ ተኝቶ የኖረ ስሕተት አማርኛው ላይ ሲደርስ ነቅቶ ይቆማል። ስዋሂሊም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ ለማለት «ክዋ ምፋኖ»፣ ማለትም ለማለት ከዐረብኛ የመጣውን «ያኒ» ይላል፤ ሁለቱን የሚያምታታ ስዋሂሊ ተናጋሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያምታታው እዚያው ሰውዬ እንግሊዝኛ መጻፍ ሲጀምር ነው።

አሁን ወደ ገጠመኜ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ሴቶች ያቋቋሙት አንድ አነስተኛ የእንጀራ ጋጋሪዎች ማኅበር ከአንድ ረጂ ድርጅት የሥራ ማስጀመሪያ ገንዘብ ተፈቀደለት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከእርሱ ጋር አይደለም። ውሉ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ እንድመልሰው ተሰጠኝ፤ ሁለቱም ቅጂዎች ሊፈረሙ ነው። ከአንቀጾቹ በአንዱ ላይ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ተጽፏል። አባባሉ ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ነበር፦ ገንዘቡ ለወጥ ቤት ዕቃዎች፣ አይ.ኢ. ለምድጃ፣ ለማቀዝቀዣና ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን፣ መግዣ ይውላል።

እኔም አይ.ኢ.ን እንደ ሕጉ «ማለትም» ብዬ መለስሁ። ለወጥ ቤት ዕቃዎች፣ ማለትም ለምድጃ፣ ለማቀዝቀዣና ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን። ሰዋስው ያልተፋለሰበት፣ ታማኝ ትርጉም። ሴቶቹ ፈረሙ፤ ገንዘቡ መጣ፤ ከአዲስ አበባ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣዶች አስመጡ። ደረሰኙ ለሒሳብ ማወራረጃ ሲቀርብ የሒሳብ ክፍሉ መለሰው። ምክንያቱ አጭር ነው፤ ምጣድ ከሦስቱ ዕቃዎች ውስጥ የለም። እንግሊዝኛው ይህን ይላል፣ አማርኛውም ይህንኑ ይላል፤ ሁለት ምስክር ተገኝቷል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ወረቀቱን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «እንጀራ የሚጋግር ማኅበር ያለ ምጣድ ምን ሊሠራ ነው? ይህን የጻፈ ሰው እንጀራ በልቶ ያውቃል?» እኔም፣ «እማማ፣ አማርኛውን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። ለጊዜው ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያው አንተ በልተህ ታውቃለህ» አሉ።

በማግሥቱ እንግሊዝኛውን ያረቀቀውን ባለሙያ አግኝቼ ጠየቅሁት። መልሱ የቡናው ወዳጄ መልስ ነበር፤ «ለአብነት ያህል ነበር እኮ የጠቀስኋቸው፤ አይ.ኢ.ም ሆነ ኢ.ጂ. ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ክፉ ሰው አልነበረም። ወዲያው ማስተካከያ ደብዳቤ እንዲጻፍ አደረገ። ደብዳቤው ከሦስት ፊርማ በኋላ ሲወጣ ግን ሁለት ወር አልፎ ነበር፤ ሴቶቹም እስከዚያ ድረስ የምጣዱን ዕዳ ከየኪሳቸው ይከፍሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ጥፋቱ የአርቃቂው ነው፤ አንተ ምን አደረግህ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ አይደለም፤ ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ይህን የምለው ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ ማስረጃው እጄ ላይ ነበርና ነው። የዚያው ውል ሁለተኛ አባሪ የበጀት ሠንጠረዥ ነበር፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ከምድጃ፣ ከማቀዝቀዣና ከማቡኪያ ቀጥሎ «ሌሎች የወጥ ቤት ዕቃዎች» የሚል መስመር ገንዘብ ተይዞለት ተቀምጧል። ዝርዝሩ በሦስቱ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህ መስመር ለምን ተጻፈ? አባሪውንም የተረጎምሁት እኔ ነኝ። አይቼዋለሁ፤ ጠርጥሬማለሁ። ነገር ግን «የተጻፈውን መመለስ እንጂ ማረም ሥራዬ አይደለም» ብዬ አለፍሁ።

እንግሊዝኛ ጸሐፊ አይ.ኢ. ብሎ ሳለ ኢ.ጂ. ማለቱ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ከላይ ያልሁት ዓይነት ተቃርኖ አንዱ ምልክት ነው፤ ከሰነዱ ሌላ ቦታ ላይ ዝርዝሩ የማይዘው ነገር ብቅ ይላል። ሁለተኛው ምልክት ከራሱ ከዓረፍተ ነገሩ ይገኛል። አይ.ኢ. ግራና ቀኙን እኩል የሚያደርግ ቃል ስለሆነ፣ የግራውን አንስተህ የቀኙን ብቻ ብታስቀር የነገሩ ፍሬ መለወጥ የለበትም። «የኬንያ ዋና ከተማ፣ ማለትም ናይሮቢ» ስትል ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንዱን ብትሰርዝ ሌላው ይበቃል። «የወጥ ቤት ዕቃዎች» የሚለውን አንሥተህ «ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ማቡኪያ» ብቻ ብታስቀር ግን ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ ወዴት ሄዱ? ሰፊ ስም ከጠባብ ዝርዝር ጋር በአይ.ኢ. ታስሮ ስታይ ብዕርህን አስቀምጥ። ሦስተኛው ምልክት ከሁሉ የሚያስቀው ነው፤ በአይ.ኢ. የተጀመረው ዝርዝር በኤትሴትራ ያልቃል። «ማለትም ይህ፣ ይህ፣ ወዘተ» ማለት በሩን ዘግቶ ቁልፉን በር ላይ መተው ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው «ለምሳሌ» ማለቱ እንደ ነበር ከሞላ ጎደል እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

እርግጠኛ ብትሆንም ግን ዝም ብለህ አታርመው። የወዳጄ ምክር እዚህ ላይ ነው አደገኛ የሚሆነው። እኔ በዚያ ውል አይ.ኢ.ን በራሴ ሥልጣን «ለምሳሌ» ብዬ ብመልሰው ኖሮ እንግሊዝኛው «ማለትም»፣ አማርኛው «ለምሳሌ» የሚሉ ሁለት የተፈረሙ ውሎች ይኖሩ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሴቶቹ ከበፊቱ የባሰ ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባሉ፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባሉ ውሎች መጨረሻ ላይ «ልዩነት ቢፈጠር እንግሊዝኛው ይጸናል» የሚል አንቀጽ አለ። ትክክለኛው ሥራ ሁለት መስመር ጽፎ ለአርቃቂው መላክ ነው፤ ይህ ዝርዝር የተሟላ ነው ወይስ ለአብነት የቀረበ ነው? የተሟላ ከሆነ በአባሪ ሁለት ያለው «ሌሎች ዕቃዎች» ምንድን ነው? ሁለት መስመር ነው። ከመፈረሙ በፊት ቢላክ ሁለት ወር ያድን ነበር።

ይህ ስሕተት የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፋውለር በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገብ ላቲን የማያውቁ ሰዎች ሁለቱን እንዲሁ እንደሚያምታቱ ቅሬታውን ጽፎ ነበር። መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የተወለደበት ቋንቋው የሆነ ሰው የጻፈው ሁሉ ልክ ነው ብሎ ማመን ቅንነት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። በእጄ ያለፉትን ሰነዶች ሳስታውስ፣ አይ.ኢ. በተጻፈበት ቦታ ኢ.ጂ. የሚያስፈልገው ስሕተት ከተገላቢጦሹ ይልቅ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ምክንያቱ ይመስለኛል፣ አይ.ኢ. በጆሮ ሲሰማ ጠንከር ያለና የመሥሪያ ቤት ሽታ ያለው መሆኑ ነው።

ኤትሴትራን እንይ። እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ባለጸጋ ነው፤ ግን ሀብታችንን አናውቀውም። «ወዘተ» ብለን የምንጽፈው ከግእዝ የመጣ ነው፤ ሙሉው «ወዘተረፈ» ሲሆን «የተረፈውም» ማለት ነው። ላቲኑም ቃል በቃል እንዲሁ ነው፤ «ኤት» ማለት «እና»፣ «ሴቴራ» ማለት «የቀሩት»። እንግሊዝኛ ከላቲን የወሰደውን እኛ ከግእዝ ወሰድን፤ ሁለታችንም ከሊቃውንት ቋንቋ ተበድረን ለገበያ ቃል አደረግነው። ስሕተታችንም አንድ ዓይነት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በእጁ ያለው ቃል ውስጥ «እና» መኖሩን ረስቶ ከፊቱ ሌላ «እና» ይጨምራል፤ እኛም በ«ወዘተ» መጀመሪያ ላይ ያለችው «ወ» ራሷ «እና» መሆኗን ረስተን «እና ወዘተ» እንላለን። በሁለቱም ቋንቋ «እና እና የቀሩት» ማለት ነው። ፊደሉን አዛውሮ ሲን ከቲ በፊት አድርጎ የሚጽፈው እንግሊዛዊና «ኤክሰትራ» የሚለው የእኛ ሰው ደግሞ በአንድ ጆሮ የሰሙ ናቸው።

ከዚህ የባሰም አለ፤ ይህኛው በሬዲዮም በጋዜጣም የምንሰማው የቤታችን ጉድ ነው። «እንደ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ወዘተ የመሳሰሉትን ጥራጥሬዎች» እንላለን። ቁጠሩ፤ «እንደ» አንድ ጊዜ ከፈተ፣ «ወዘተ» ሁለተኛ ከፈተ፣ «የመሳሰሉትን» ሦስተኛ ከፈተ። ሦስት በር ለአንድ ጎጆ! ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። እንግሊዝኛውም ላይ ሕጉ ይኸው ነው፤ በኢ.ጂ. የጀመርኸውን ዝርዝር በኤትሴትራ አትጨርሰውም፤ «ለምሳሌ» ስትል ዝርዝሩ ያላለቀ መሆኑን ተናግረሃልና።

ኤትሴትራ መልካም የሚሆነው አንባቢው የቀረውን ራሱ መሙላት ሲችል ነው። «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ወዘተ» ብትለኝ አርብ ላይ እንደምደርስ አውቃለሁ። «መዶሻ፣ ሎሚ፣ ወዘተ» ብትለኝ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሊነግረኝ የሚችል የለም፤ ራስህም አታውቀው ይሆናል። ለሰዎች ስም ደግሞ ኤትሴትራ አይገባም፤ ሰው «የቀረ ዕቃ» አይደለም። ላቲኑ ለዚህ «et al.» የሚል ሌላ አሕጽሮት አለው፤ «እና ሌሎቹ» ማለት ነው። አማርኛ ይህንንም ሁለት ፊደል ይዛ በ«እነ» ጨርሳዋለች፤ «እነ ከበደ» ስትል ከከበደ ጋር የመጡት ሁሉ ይገባሉ።

ውል ውስጥ ግን ኤትሴትራ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው። ከእንግሊዝ የተወረሰውን የሕግ ሥርዓት በሚከተሉ አገሮች፣ ኬንያም አንዷ ናት፣ ዳኞች ዝርዝርን ሲተረጉሙ የሚጠቀሙበት አንድ ጥንታዊ ደንብ አለ። ላቲኑ ኤጁስዴም ጄኔሪስ ይባላል፤ «የዚያው ዓይነት» ማለት ነው። የተለዩ ነገሮች ተዘርዝረው መጨረሻ ላይ ጠቅላላ ቃል ቢመጣ፣ ጠቅላላው ቃል የሚይዘው ከተዘረዘሩት ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ብቻ ነው ይላል ደንቡ። የማይሻር ሕግ አይደለም፤ የተዋዋዮቹ ሐሳብ ሌላ መሆኑ ከጽሑፉ ከታየ ይለቃል። ይሁን እንጂ ክርክር የሚጀመረው ከዚህ ነው።

የሴቶቹን ውል በዚህ ዓይን እንየው። አርቃቂው አይ.ኢ.ን ትቶ «ለምድጃ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን፣ ወዘተ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይገባ ነበር? የኤሌክትሪክ ምጣዱ ያለ ጥርጥር ይገባል፤ ሦስቱም በኃይል የሚሠሩ የወጥ ቤት መሣሪያዎች ናቸው፤ እርሱም እንዲሁ። የከሰል ምጣድስ? «የወጥ ቤት መሣሪያ» ከተባለ ይገባል፤ «ማሽን» ከተባለ አይገባም። ሊጥ የሚቦካበት በርሜልስ? ይህ እንግዲህ ጠበቃ የሚያስቀጥር ጥያቄ ነው። የጤፍ ከረጢት ግን በየትኛውም ንባብ አይገባም፤ ዕቃ ሳይሆን እህል ነውና። አሁን ደግሞ ያንኑ በኢ.ጂ. አድርጉት፦ ለወጥ ቤት ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ለምድጃ፣ ለማቀዝቀዣና ለማቡኪያ ማሽን። እዚህ ላይ አጥሩ «የወጥ ቤት ዕቃዎች» የሚለው ስም ራሱ ነው፤ ሦስቱ ምሳሌዎች ብቻ ናቸው። በርሜሉም የከሰል ምጣዱም ይገባሉ፤ ጤፉ አሁንም ይቀራል። ለዚህ ነው ውል የሚያረቅ ሰው ሰፊ ስም አስቀድሞ «ለምሳሌ» ማለት እንጂ ስም ሳይሰጥ ዘርዝሮ በኤትሴትራ መጨረስ የለበትም የምለው።

ቪዝ ከአራቱ እየጠፋ ያለው ነው፤ ብዙ ወጣት ጸሐፊ አያውቀውም፤ የሚያውቀውም የአይ.ኢ. ታላቅ ወንድም ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ያለችው ዜድ ዜድ አይደለችም። የመካከለኛው ዘመን ገልባጮች የቃልን መጨረሻ ሲያሳጥሩ የሚጽፏት የ3 ቁጥር ዓይነት ምልክት ነበረች፤ ማተሚያ ቤቶች የሚመስላት የፊደል ቅርጽ ሲፈልጉ ዜድን አገኙ። እንግሊዞች ጮክ ብለው ሲያነቡት በተለምዶ በራሳቸው ቃል «በስም ሲጠሩ» እንደ ማለት ያነቡታል እንጂ «ቪዝ» አይሉም። ሥራው ከአይ.ኢ. የሚለየው እንዲህ ነው፤ አይ.ኢ. የተባለውን በሌላ አነጋገር ይደግመዋል፤ ቪዝ የተባለውን በስም ይቆጥረዋል። «ሦስት ዕቃዎች ይገዛሉ፤ እነርሱም ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ማቡኪያ ማሽን ናቸው» ሲባል ትክክለኛው ቃል ቪዝ ነው። ቁጥር ቀድሞት ከመጣ ደግሞ የዝርዝሩ ቁጥር ከተባለው ጋር መግጠም አለበት፤ ሦስት ብሎ አራት ከዘረዘረ ተርጓሚው መቆም አለበት። የምጣዱ ውል አርቃቂ በእውነት ሦስቱን ብቻ ማለቱ ቢሆን ኖሮ ቪዝ ወይም ቁጥር ይጠቀም ነበር፤ እኛም ገና ከመፈረሙ በፊት «ምጣዱስ?» ብለን እንጠይቅ ነበር።

ነጥብና ኮማን በተመለከተ ብዙ አልልም። አሜሪካውያን በኢ.ጂ.ና በአይ.ኢ. ፊደላት መካከል ነጥብ፣ ከኋላቸውም ኮማ ያደርጋሉ። እንግሊዞች ኮማውን ይተዋሉ፤ ብዙ ጋዜጦቻቸው ነጥቡንም ጥለውታል። አንዱን መርጦ በአንድ ሰነድ ውስጥ እስከ መጨረሻው መጽናት ይበቃል። ስለ ኮማ የሚጣሉ ሰዎች አይ.ኢ.ና ኢ.ጂ.ን አቀያይረው ሲጽፉ ማየቴ ግን አልቀረም።

አንዳንዶች ደግሞ «ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፤ ሁሉንም እናስወግዳቸው» ይላሉ። ባዶ ሐሳብ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጾችን የሚያዘጋጁት ክፍሎች በ2016 እ.ኤ.አ. እነዚህን አሕጽሮቶች መተው እንደ ጀመሩ አስታውቀዋል። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም ያለ ነጥብ የተጻፈውን ኢ.ጂ. አንዳንድ ጊዜ «ኤግ»፣ ማለትም እንቁላል፣ ብሎ ማንበቡ ነው። ለሕዝብ በሚወጣ ማስታወቂያ፣ በሚፈረም ውልና ወደ ሌላ ቋንቋ በሚመለስ ማንኛውም ሰነድ ላይ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ሙሉ ቃሉ ይጻፍ። «ለምሳሌ» ብሎ በሙሉ ቃል የሚጽፍ ሰው «ማለትም» ለማለት ፈልጎ ሲሳሳት አላየሁም፤ ስሕተቱ የሚመጣው ከፊደላቱ ነው።

የማልስማማው ከዚህ በኋላ ባለው ነው። አሕጽሮቶቹን ያስወገዱ ብዙ አርቃቂዎች በምትካቸው «የሚያካትት» ወይም «ጨምሮ» የሚለውን እንግሊዝኛ ቃል ያስገባሉ። ይህ ቃል ከኢ.ጂ. ይሻላል? «ምድጃን፣ ማቀዝቀዣንና ማቡኪያን የሚያካትቱ የወጥ ቤት ዕቃዎች» ሲባል እነዚህ ብቻ ናቸው ወይስ ሌላም አለ? ጠበቆች ይህን ጥርጣሬ ስለሚያውቁት «ሳይወሰን» የሚል ቃል ከኋላው ያስከትሉለታል። ይህን ጭማሪ የማያውቅ አርቃቂ ግን ግልጽ የነበረውን ኢ.ጂ. ጥሎ ግልጽ ያልሆነ ቃል ገዛ ማለት ነው። የሕዳግ ማስታወሻ፣ ሠንጠረዥና ቦታ የሚያጥርበት የጥናት ጽሑፍ ደግሞ አሕጽሮቱን ቢጠቀሙ ነውር የለውም፤ አንባቢዎቹም ያውቋቸዋል።

የቡናው ወዳጄ ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አንብቦታል። «በአንድ ምጣድ ምክንያት ይህን ሁሉ ጻፍህ?» አለኝ። ሦስት ነበሩ ብዬ አረምሁት። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ የሚሠራበትን ውል አወጣና በእርሳስ የከበበበትን አንድ አይ.ኢ. አሳየኝ፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ነበር። ዝርዝሩ በኤትሴትራ ያልቃል። «ለአርቃቂው ጻፍህለት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዛሬ ማታ» አለኝ።